ካሬውንና እርከኑን ማንሳት፦ በጣም የታመቀ ፎቶግራፍ ለኅትመት ሲዘጋጅ

በነቀምቴ ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ ሙሉ ቃል



የዛሬው ገለጻዬ የሚነሳው ከአንድ ፎቶግራፍ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ወደ ቢሮዬ መጣና ስልኩን ከፍቶ ምስሉን አሳየኝ። እዚሁ ነቀምቴ የሚገኘው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ከፊት ለፊት ይታያል። ከጣሪያው በላይ ሰፊ ሰማይ አለ። ከሕንፃው ፊት ነጭ ልብስ የለበሱ ሰባት ሰዎች በአንድ ረድፍ ቆመዋል። በታችኛው የግራ ጥግ ደግሞ በግዕዝ አኃዝ የተጻፈ ዓመተ ምሕረት አለ።

ተማሪዬ የቤተሰቡን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅቷል፤ ይህንንም ምስል በሽፋኑ ላይ ለማውጣት ፈልጓል። ምክንያቱም ከቀኝ በኩል ሦስተኛው ሰው ቅድመ አያቱ እንደሆኑ በቤቱ ሲነገር ኖሯል። ነገር ግን ማተሚያ ቤቱ የሙከራ ቅጅ ባወጣለት ጊዜ ሰማዩ እንደ ተራራ እርሻ በእርከን ተከፋፍሎ፣ የሰዎቹም ልብስ በጥቃቅን ካሬዎች ተሸንሽኖ ወጣ። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «መምህር፣ ይህ ይጸዳል ወይ?»

ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ግን ሌላ ከባድ ጥያቄ ነበረ። ቤተሰቡ እንደሚያስታውሰው ቅድመ አያቱ ያረፉት በ1926 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ነው። የጥጉ ጽሑፍ ፲፱፻፳፮ ከሆነ እኚያ ሰው እርሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ፲፱፻፳፯ ከሆነ ግን ሊሆኑ አይችሉም። የመጨረሻዋ አኃዝ በካሬዎች ተውጣ ስለ ነበር ፮ ትሁን ፯ መለየት አልተቻለም። ስለዚህ ተማሪዬ ሁለት ነገር ጠየቀኝ ማለት ነው፤ ሰማዩን እንዳሳምር፣ ዓመቱንም እንዳነብብለት። ለሁለቱ የሚሰጠው መልስ ለምን እንደሚለያይ ማስረዳት የዛሬው ገለጻዬ ዓላማ ነው።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

ጄፔግ የተባለው የምስል ማመቂያ ሥርዓት ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የወጣው በ1992 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሥርዓቱ ምስሉን ስምንት ፒክስል በስምንት ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍለዋል። እያንዳንዱን ካሬ ለብቻው ወስዶ በውስጡ ያሉትን 64 የብርሃን መጠኖች ወደ ሌሎች 64 ቁጥሮች ይለውጣቸዋል። የመጀመሪያው ቁጥር የካሬውን አማካይ ብርሃን ይይዛል። የሚከተሉት ቁጥሮች በካሬው ውስጥ ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር እንዴት እንደሚለወጥ፣ በመጀመሪያ ሰፊውንና ዝግተኛውን ለውጥ፣ ከዚያም እየጠበበ የሚሄደውን ዝርዝር ይገልጻሉ።

እስከዚህ ድረስ ይህ ነው የሚባል መረጃ አልጠፋም። መረጃው የሚጠፋው ቀጥሎ በሚመጣው ማጠጋጋት ነው። ነገሩን በቡና ሚዛን ልግለጸው። በጊምቢ ገበያ አንድ ነጋዴ ባለ አምስት ኪሎ የሚዛን ድንጋይ ብቻ ቢኖረውና ከዚያ ያነሰ ባይኖረው፣ 23 ኪሎውንም 26 ኪሎውንም «25» ብሎ ይመዘግባል። መዝገቡን በኋላ የሚያነብ ሰው ትክክለኛውን ክብደት አያውቅም። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት ያውቃል፦ ክብደቱ ከ22.5 እስከ 27.5 ባለው መካከል ነበር። ይህን የመካከል ክልል በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ የምንሠራው ሥራ ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ጄፔግም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። የጥራት ቁጥሩን ዝቅ ባደረግን መጠን የሚዛኑ ድንጋይ ይከብዳል። በተለመደው የማጠጋጊያ ሰንጠረዥ የጥራቱ ቁጥር 50 ሲሆን፣ የካሬው አማካይ ብርሃን የሚመዘገበው በሁለት በሁለት ደረጃ ልዩነት ነው፤ ዓይን ይህን ብዙም አያስተውለውም። የጥራቱ ቁጥር ወደ 20 ሲወርድ ልዩነቱ አምስት ደረጃ ይሆናል። ወደ 10 ሲወርድ ደግሞ አሥር ደረጃ ይደርሳል።

አሁን ወደ ተማሪዬ ሰማይ እንመለስ። ምስሉ 960 በ640 ፒክስል ነው፤ ጥራቱም 20 ነበር። ሰማዩ ከላይ ጠቆር ብሎ ይጀምርና ወደ ጣሪያው በወረደ ቁጥር ይነጣል። በ240 ፒክስል ከፍታ ውስጥ ብርሃኑ በ30 ደረጃ ያህል ይጨምራል። ይህም በአንድ ካሬ ውስጥ፣ ማለትም በስምንት ፒክስል ውስጥ፣ የአንድ ደረጃ ለውጥ ብቻ ነው። ይህችን ትንሽ ለውጥ የሚይዘው ቁጥር በዚህ ጥራት ሲጠጋጋ ዜሮ ይሆናል። በመሆኑም እያንዳንዱ ካሬ አንድ ወጥ ቀለም ሆኖ ይቀራል። አማካዩም በአምስት በአምስት ደረጃ ስለሚመዘገብ 30 ደረጃ የነበረው ዝግተኛ ለውጥ ወደ ስድስት እርከን ይለወጣል። የእያንዳንዱም እርከን ስፋት 40 ፒክስል፣ ማለትም አምስት ካሬ ነው።

እንግዲህ ካሬውና እርከኑ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አይደሉም። ሁለቱም የአንድ ማጠጋጋት ውጤቶች ናቸው። ዝርዝር ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በልብሱ እጥፋት ላይ፣ ጎረቤት ካሬዎች ስለማይስማሙ ድንበራቸው ይታያል። ዝርዝር በሌለበት በሰማዩ ላይ ደግሞ ብዙ ካሬዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ስለሚያገኙ ሰፊ እርከን ይሠራሉ። ምስሉ በመጽሐፉ ሽፋን 14.8 ሴንቲሜትር ስፋት ላይ ሲታተም አንዱ ካሬ 1.2 ሚሊሜትር፣ አንዱ እርከን ደግሞ 6 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። መጽሐፉን በእጁ የያዘ አንባቢ ይህን ሳያይ አያልፍም።

ከመንካታችን በፊት

የመጀመሪያው ሥራ ፋይሉን ማጽዳት ሳይሆን የተሻለ ፋይል መፈለግ ነው። ምስሉ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ እንደ ገና ይታመቃል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ስለዚህ ላኪውን «እንደ ፋይል ላክልኝ» ብሎ መጠየቅ ብቻ ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን ሥራ ያተርፋል። ተማሪዬ ይህን አደረገ። የላከው ዘመዱ ግን ከዚያ የተሻለ አልነበረውም፤ እርሱም ከሌላ ሰው ተቀብሎ ቦታ ለመቆጠብ ምስሉን በሚያሳንስ መተግበሪያ አልፎበት ነበር። ዋናው የወረቀት ፎቶ ጊምቢ ካለች አክስት ዘንድ ሊኖር እንደሚችል ግን ነገረው። ተማሪዬ ፍለጋውን ቀጠለ፤ እኔም በያዝነው ፋይል ላይ ሥራ ጀመርኩ።

ሁለተኛው ሥራ የፋይሉን ሁኔታ ማወቅ ነው። ኢማጅማጂክ በተባለው ነፃ መሣሪያ የምስሉን ስፋት፣ ከፍታና የተገመተ ጥራት በአንድ መስመር ማየት ይቻላል፦

```
identify -format "%w %h %Q\n" foto.jpg
```

ይህ ቁጥር የሚናገረው ግን ስለ መጨረሻው አቀማመጥ ብቻ ነው። በጥራት 20 ከታመቀ በኋላ አንድ ሰው ከፍቶ በጥራት 90 መልሶ ያስቀመጠው ምስል «90» ይላል፤ ጉዳቱ ግን የ20 ነው። ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ ሳንረካ ምስሉን ስምንት እጥፍ አጉልተን የካሬዎቹን ስፋት በፒክስል እንቆጥራለን። ስምንት ከሆነ ምስሉ ከታመቀ በኋላ መጠኑ አልተነካም ማለት ነው። አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ከሆነ አንድ ሰው ከማመቁ በኋላ አሳድጎታል፤ ወይም ከስልኩ ገጽ ላይ በስክሪንሹት ወስዶታል። እንዲህ ያለው ፋይል የመጀመሪያውን የማጠጋጊያ መዝገብ አጥቷል፤ ቀጥሎ የምገልጸውም መሣሪያ አይረዳውም።

አሥራ ስድስት ፒክስል ስፋት ያለው ካሬ ብታዩ ግን ቸኩላችሁ አትፍረዱ። ጄፔግ የቀለምን መረጃ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ስፋትና በግማሽ ከፍታ ስለሚመዘግብ የቀለሙ ካሬ በምስሉ ላይ 16 ፒክስል ሆኖ ይታያል። ለመለየት ቀለሙን አጥፍታችሁ ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። ትልቁ ካሬ አብሮ ከጠፋ የቀለም ካሬ ነበር ማለት ነው።

በእኛ ምስል ይህ ጥሩ ዕድል ሆነ። በልብሶቹ ላይ የነበረው አረንጓዴና ወይን ጠጅ ነጠብጣብ በሙሉ ከቀለሙ ካሬዎች የመጣ ነበር። የወረቀቱ ፎቶ ግን ሲነሳ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቡናማው መልክ የወረቀቱ እርጅና ነው። ስለሆነም ቀለሙን በሙሉ አውጥተን ጣልነው። የጉዳቱ ሲሶ ያህል ያለ ምንም ድካም ተወገደ። ቡናማው መልክ በሽፋኑ ላይ ከተፈለገ በመጨረሻ አንድ ወጥ ሆኖ ሊጨመር ይችላል።

ካሬውን ማንሳት

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ምስሉን አሳድጎ ማደብዘዝ ነው። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ምስሉ ከመጽዳቱ በፊት ካደገ የካሬው ድንበርም አብሮ ይሰፋል፤ መሣሪያዎቹ የሚፈልጉት የስምንት ፒክስል መስመርም ይጠፋል። ማደብዘዝ ደግሞ የካሬውን ድንበርና የምሰሶውን ጠርዝ ሳይለይ ሁለቱንም ያጠፋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ በተፈጥሮ መጠኑ ማጽዳት፣ በመጨረሻ ማሳደግ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ቡናው ነጋዴ መዝገብ እንመለሳለን። «25» ተብሎ የተመዘገበው ከ22.5 እስከ 27.5 ያለ ማንኛውም ክብደት ሊሆን ይችላል። ጥሩ የማጽጃ መሣሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ «መዝገቡን ሳይቃረኑ ሊሆኑ ከሚችሉት ምስሎች ሁሉ በጣም የለሰለሰው የትኛው ነው?» ጄፔግቱፒኤንጂ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በዚህ መንገድ ይሠራል፦

```
jpeg2png foto.jpg -o foto.png
```

ፕሮግራሙ የጄፔጉን ፋይል ራሱን ማንበብ አለበት፤ የማጠጋጊያው ሰንጠረዥ ያለው በፋይሉ ውስጥ ነውና። ምስሉን በሌላ ፕሮግራም ከፍታችሁ መልሳችሁ ካስቀመጣችሁት፣ ጥግ ቆርጣችሁ ካወጣችሁት ወይም ካዞራችሁት መዝገቡን አበላሽታችኋል። ስለዚህ ይህ እርምጃ ቀለሙን ከማውጣትም እንኳ ይቀድማል። እኔም በመጀመሪያ ይህን አሠራሁ፤ ቀለሙን ያወጣሁት ከውጤቱ ላይ ነው።

ውጤቱ ጥሩ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ዓይን በቀላሉ ይታለላል፤ የለሰለሰ ምስል ሁሉ ያማረ ይመስለዋል። እኔ የምጠቀምበት ፈተና የልዩነት ምስል ነው። ዋናውን ከተጸዳው ቀንሰን ልዩነቱን ሃያ ጊዜ እናጎላዋለን፦

```
magick foto.jpg foto.png -colorspace Gray -compose difference -composite -evaluate multiply 20 liyunet.png
```

በልዩነቱ ምስል ላይ የሚታየው የካሬዎች ድንበርና የእርከን ጠርዝ ከሆነ ያነሳነው ጉዳቱን ነው። የጣሪያው መስመር፣ የምሰሶዎቹ ወይም የፊቶቹ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ከታየ ግን ያነሳነው ቤተ መንግሥቱን ራሱን ነው። በሰማዩ ላይ ቁጥሩንም መፈተሽ ይቻላል። አማካዩ በአምስት ደረጃ ከተጠጋጋ እውነተኛው ብርሃን ከተመዘገበው ከ2.5 ደረጃ በላይ ሊርቅ አይችልም። ሃያ ጊዜ ሲጎላ ይህ 50 ይሆናል። በጠራ ሰማይ ላይ ልዩነቱ ከ50 በጣም በልጦ ካየነው ማለስለሱ ከልኩ አልፏል። ጠርዝ ባለበት ቦታ የሚፈቀደው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል፤ በዚያ ቦታ ዋናው መመዘኛ ቅርጹ ነው።

እርከኑን ማንሳት

ከዚህ እርምጃ በኋላ በልብሶቹና በሕንፃው ላይ የነበረው ካሬ ለቀቀ። በሰማዩ ላይ ግን እርከኑ ደብዘዝ ብሎ ቀረ። አንድ እርከን 40 ፒክስል ስለሚሰፋ ጠርዙን ብቻ ማለስለስ አይበቃም፤ ከእርከን ወደ እርከን የሚወርደው ቁልቁለት በሙሉ ስፋቱ መዘርጋት አለበት።

ይህን በጊምፕ ፕሮግራም ሠራሁት። በመጀመሪያ የምስሉን የቁጥር ጥልቀት ከ8 ቢት ወደ 16 ቢት ከፍ አደረግሁ፤ ይህም በምናሌው `Image > Precision` ውስጥ ይገኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በ8 ቢት በሁለት ተከታታይ ደረጃዎች መካከል ምንም ቦታ ስለሌለ የለሰለሰው ቁልቁለት ተመልሶ ወደ ጥቃቅን እርከኖች ይሰበራል። ከዚያ ሰማዩን ብቻ መርጬ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ጥቂት ፒክስል ርቄ፣ የእርከኑን ስፋት በሚያህል መጠን፣ ማለትም በ40 ፒክስል ገደማ፣ አደበዘዝሁት። በሰማዩ ውስጥ ዝርዝር ስለሌለ በዚህ የሚጠፋ ነገር የለም። ምርጫው ጣሪያውን ከነካ ግን የጣሪያው ጥቁረት ወደ ሰማዩ ፈስሶ እንደ ጭስ ያለ ጥላ ይሠራል፤ ይህን ካያችሁ ተመልሳችሁ ምርጫችሁን አጥብቡ።

በመጨረሻ በሰማዩ ላይ የአንድ ወይም የሁለት ደረጃ ያህል መጠን ያለው የተበታተነ ብናኝ ጨመርሁ። ይህ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ የጸዳን ነገር መልሶ ማቆሸሽ ምን ይሉታል? ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ምስሉ ለማተሚያ ቤት ወደ 8 ቢት ሲመለስ ብናኙ ድንበሩን ስለሚበትነው ዓይን አዲስ እርከን አያይም። ሁለተኛ፣ የድሮ ፎቶግራፍ ሰማይ ከመጀመሪያውም የፊልም ብናኝ ነበረው፤ ያጠፋው ማመቁ ነው። ብናኝ የሌለው ሰማይ ከብናኛማ ሕንፃ በላይ ሲቀመጥ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ይታያል።

ይህ ሁሉ በአንድ የመጨረሻ ስሕተት ከንቱ ሊሆን ይችላል። የተጸዳውን ምስል በዝቅተኛ ጥራት በጄፔግ ብታስቀምጡት ብናኙ ይጠጋጋና እርከኑ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ለማተሚያ ቤቱ በፒኤንጂ ወይም በቲፍ ስጡ፤ በቴሌግራም ከላካችሁም እንደ ፋይል ላኩ።

ዓመተ ምሕረቱ

ሰማዩ አማረ። ተማሪዬም ተደሰተና ጣቱን ወደ ታችኛው ጥግ ዘረጋ። በተጸዳው ምስል ላይ የመጨረሻዋ አኃዝ ጠርታ ወጥታለች፤ ፯ ትመስላለች። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ ቤተሰቡ ሲያወራው የኖረው ነገር በአንድ አኃዝ መፍረሱ ነበር።

«ቆይ» አልሁት። የማለስለሱን ኃይል ቀንሼ ፕሮግራሙን እንደ ገና አሠራሁት። አሁን ደግሞ አኃዟ ፮ መሰለች። ሁለቱንም ምስሎች በልዩነቱ ፈተና አሳለፍኋቸው፤ ሁለቱም አለፉ። ሁለቱም መዝገቡን አይቃረኑም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አኃዟ አሥር ፒክስል ያህል ብቻ ከፍታ ነበራት፤ በሁለት ካሬዎች ድንበር ላይም ወድቃ ነበር። ፮ን ከ፯ የሚለየው ቀጭን መስመር በጠባቡ ዝርዝር ቁጥሮች ውስጥ የሚመዘገብ ነው፤ እነዚያ ደግሞ በጥራት 20 ወደ ዜሮ ተጠጋግተዋል። ስለዚህ ፋይሉ በውስጡ ፮ንም ፯ንም ይፈቅዳል። ፕሮግራሙ ከሁለቱ አንዱን ያሳየን ስላነበበው አይደለም፤ በተሰጠው መመዘኛ የለሰለሰው እርሱ ስለ ሆነ ብቻ ነው። የልዩነቱ ፈተና አንድ ምስል ከመዝገቡ ጋር እንደማይጋጭ ያረጋግጣል። እውነተኛው እርሱ ብቻ መሆኑን ግን አያረጋግጥም።

በሰማዩ ላይስ እንዲሁ አይደለምን? በእርግጥ እንዲሁ ነው። የሰማዩም እውነተኛ ብርሃን በ2.5 ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያ ክልል ውስጥ ያሉት ሰማዮች ሁሉ ለአንባቢው አንድ ሰማይ ናቸው፤ ማናቸውንም ብንመርጥ ስለ ማንም ሰው የተሳሳተ ነገር አልተናገርንም። በአኃዟ ላይ ግን በአንድ ክልል ውስጥ ያሉት ሁለት መልሶች ሁለት የተለያዩ ዓመታት ናቸው። የፊቱም ነገር እንደዚሁ ነው። የሰውየው ፊት 24 ፒክስል ማለትም ሦስት ካሬ ብቻ ነበር የሚሰፋው። በዚህ ስፋት ውስጥ የለሰለሰው አፍንጫ የማን አፍንጫ እንደሆነ ፋይሉ አያውቅም።

እኔ የምከተለው መመሪያ ከዚህ የወጣ ነው። መዝገቡ የሚፈቅዳቸው መልሶች ሁሉ ለተመልካቹ አንድ ትርጉም ባላቸው ቦታ፣ እንደ ሰማይ፣ እንደ ግድግዳ፣ እንደ መሬት ባለው ላይ፣ በነፃነት አጸዳለሁ። መልሶቹ ትርጉማቸው በሚለያይበት ቦታ፣ ጽሑፍ፣ አኃዝ፣ ማኅተምና ፊት ባለበት፣ እጄን እሰበስባለሁ። አጠራጣሪ መሆኑን ለመፈተንም ማለስለሱን በደካማና በብርቱ ኃይል ሁለት ጊዜ አሠራለሁ። ንባቡ ከተለዋወጠ ንባብ የለም ማለት ነው። በዚህም መሠረት የጥጉን ጽሑፍና ሰባቱን ፊቶች ከማጽዳቱ ውጭ አድርጌ ከዋናው ፋይል እንዳሉ፣ ከነካሬያቸው፣ መለስኋቸው። ቀለሙ ስለ ወጣ ብቻ እንኳ ከቀድሞው የተሻለ ይታዩ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጊምቢ መልእክት መጣ። አክስትየው የወረቀቱን ፎቶ ከአሮጌ ፍሬም ውስጥ አገኙት። የላይኛው ግማሽ፣ ሰማዩና ጣሪያው፣ በእርጥበት ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ተልጧል። የታችኛው ግማሽ ግን ደኅና ነበር። ተማሪዬ በስልክ ካሜራ ከማንሳት ይልቅ ነቀምቴ ድረስ አምጥቶት በኢንች 600 ነጥብ ስካን አደረግነው። በዚያ ስካን ላይ አኃዟ ብዙ ፒክስል ከፍታ አገኘች፤ የቀለሙ ፍሰት ሁሉ ይታያል። አኃዟ ፮ ናት።

ይህ ሰውየው ቅድመ አያቱ መሆናቸውን አያረጋግጥም፤ ሊሆኑ እንደሚችሉ ብቻ ይናገራል። መጽሐፉም በዚሁ ልክ ታተመ። ሽፋኑ ላይ የተጸዳው ሙሉ ምስል ወጣ፤ በውስጠኛው ገጽ ደግሞ የታችኛው ግማሽ ከወረቀቱ ስካን ተወስዶ ገባ። ከሥሩም ሰማዩና ሕንፃው ከታመቀ ቅጅ ተስተካክለው የተዘጋጁ መሆናቸው፣ ዓመቱ ከወረቀቱ መነበቡ፣ የሦስተኛው ሰው ማንነትም ከቤተሰቡ ትውስታ መወሰዱ ተጽፏል።

ያ መጀመሪያ የወጣው ጥርት ያለ ፯ ግን ዛሬም በኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። ተማሪዎቼ ማለስለስ ምን እንደሚያደርግ ሲጠይቁኝ የማሳያቸው እርሱን ነው።